የአያ ከፋለ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ

ባምላክ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ገመዱን አንገቱ ላይ ጥሎ ከሱቁ ሲወጣ፣ በሩን ይቆልፍ አይቆልፍ እንኳ ልብ አላለም። ቅዳሜ ነበር። ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሽንኩርቷን ረግጦባት፣ «ዐይንህን ለማን አበድረህ ነው የምትሮጥ!» ስትለው ዞር አላለም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይነዝራል። ዛሬ የአባቱን ዐርባ የሚያወጣው ሙሉሃብት ነው፤ ለአራተኛ ጊዜ።

«የት ደረስክ? ቄሶቹ በልተው ጨረሱ እኮ። ሰው ሊነሳ ነው።»

«መጣሁ፣ ጨርሻለሁ፣ መጣሁ።»

ጨርሻለሁ ያለው ውሸት አልነበረም። ዛሬውኑ መታየት ያለበት ፊልም ነበርና ጨርሶ ነው የመጣ። ግን ዛሬ ጠዋት መቀሱን ያሳረፈባት አንዲት ቦታ ነበረች፤ ሲሮጥ ሁሉ እሷን እያሰበ ነበር የሚሮጥ። ምንም አይደለም ይላል ለራሱ። ቃል የለባትም። ምን ትነካለች?

ባምላክ በላሊበላ የቪዲዮ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ቪዲዮ ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ሰርግ ይቀርጻል፣ ክርስትና ይቀርጻል፣ ለፈረንጅ የተሰበረ ሚሞሪ ይጠግናል። ስብሰባ ላይ ተናገር ቢሉት በኋላ በር ይወጣል። ጽፈህ ስጠን ካሉትማ የባሰ ነው፤ የጻፈውን ሦስት ጊዜ ሳያነብ አይሰጥም፣ ከሰጠም በኋላ እንቅልፍ የለው።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው ነው አያ ከፋለ ያን ሥራ የሰጡት።

አያ ከፋለ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። ከተማው ውስጥ እንግዳ ጭነው አሸተን ተራራ የሚወጡት በቅሎዎች ግማሾቹ የሳቸውን ኮርቻ ነው የሚጭኑት። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሙሉሃብትና እየሩስ። እየሩስ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ያኔ ገና ገነተ ማርያም ሲኖሩ፣ ማጅራት ገትር ይዟት ዳነች፤ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም። አባቷ ደሴ ድረስ ወስደው መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት አስገቧት። ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ተመለሰችና ከሳቸው ጋር ኮርቻ ትሰፋ ጀመር። አንባቢ ናት። አባቷ ግን ፊደል አያውቁም። ሃያ ዓመት አብረው ሲሠሩ የተግባቡት በእጅና በዐይን፣ እንጨቱን ጠረቅ ጠረቅ እያደረጉ ነው፤ ሁለቴ ከሆነ «ይሁን» ማለት ነው። የቤት ነገር፣ የሥራ ነገር፣ ይሄ ይበቃል። ከዚያ ያለፈውን ነገር ግን እጅ አይደርስበትም።

ሲታመሙ ባምላክን አስጠሩት።

«ያቺን ካሜራህን አምጣ» አሉት። «እናገራለሁ። አንተ ከሥር ጻፍላት። ቄስ ቢጽፈው በግዕዝ ያሳምረዋል። መምህር ቢጽፈው ያርመዋል። አንተ የምታሳምርበት የለህም። አፌ እንዳለው ጻፈው።»

«አያ፣ እኔ እኮ ጽሕፈቴ…»

«እኔ ከምጽፈው ይሻላል» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባቸው።

ሃያ ሰባት ደቂቃ ተናገሩ፤ ባምላክ በካሜራው ትንሽ ካሴት ቀርጾ ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጣቸው። ወር ሳይሞላ ዐረፉ። ባምላክ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር እየሰማ፣ እያቆመ፣ ወደኋላ እየመለሰ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጻፈ። ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ መስመር። እያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ሰዓት ይጻፋል፤ ብቅ የሚልበትና የሚጠፋበት። ከዜሮ ተነሥቶ ነው የሚቆጠር፣ ቪዲዮው ከጀመረባት ቅጽበት። ጽሑፉ ምስሉን አያይም፤ አፍ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ አያውቅም። ሰዓቱን ብቻ ነው የሚያውቅ። ዐሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ውጣ ከተባለ ዐሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ይወጣል።

የመጀመሪያው መቁረጥ የዛሬ ዐሥር ቀን ነበር። መግቢያው ላይ አያ ከፋለ ያስላሉ፣ ጋቢ ይስተካከልላቸዋል፣ ውሃ ይጠጣሉ፤ ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ። ሙሉሃብት ይውጣ አለ። ባምላክ አወጣው። ከዚያ ጽሑፉን በሙሉ አንድ ላይ መርጦ ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ወደፊት ሳበው። በሁለተኛው ደቂቃ ከዐሥራ አራት ሰከንድ ላይ የነበረው «እየሩስዬ» የሚለው የመጀመሪያው ቃል አራተኛው ሰከንድ ላይ መጣ። የመጨረሻውንም አየው፤ ከአፋቸው ጋር ገጥሟል። የዚያን ቀን ደስ ብሎት ሱቁን ቀድሞ ዘጋ።

ዛሬ ጠዋት፣ የዐርባቸው ዕለት፣ ሙሉሃብት መጣ። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቷል። አልተቀመጠም።

«አንድ ቦታ አለች» አለው። «ደወሉ ሲደወል አባቴ ዝም የሚልባት።»

ባምላክ ያውቃታል። አያ ከፋለ እየተናገሩ ሳለ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል። ያቆማሉ። ያማትባሉ። ከዚያ ደወሉ ካለቀም በኋላ አይናገሩም፤ እጃቸውን እያዩ ይቀመጣሉ፣ ዐይናቸው ውሃ ይሞላል።

«እሷን አውጣት።»

«ምነው? ምን አላት?»

«አባቴ ሰው ፊት እንዲያ ሆኖ አይታይም። ሀገር ነው የሚመጣ። አእምሮውን ስቷል ይላሉ።»

«ሰዓት የለም እኮ ሙሌ።»

«ምንም አልተናገረባት። ዝም ያለ ነገር ለመቁረጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ባምላክም እውነት ነው አለ። ቆረጠ። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ነበረች። ኮምፒዩተሩ አዲሱን እስኪያወጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ጥፍሩን ሲበላ ቆየ። ፊልሙና ጽሑፉ አንድ ስም ካልያዙ አይገናኙም፤ ስለዚህ አሮጌውን ቪዲዮ አጥፍቶ አዲሱን በስሙ ጠራው። ጽሑፉን አልነካውም። ከዚያች ቦታ ላይ የወጣ ቃል የለማ።

ዳሱ ሲደርስ ሰው እንደተፈራው ሊነሳ ነበር። ቴሌቪዥኑን አያ ከፋለ ኮርቻ የሚሰፉበት አግዳሚ ላይ አቁመውታል። እየሩስ ከፊት፣ ለብቻዋ፣ ጥቁሯን ለብሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሲገባ አየችውና አንገቷን ዝቅ አደረገች። ዐርባ ቀን ነው የጠበቀች። ሌላው ለቅሶኛ አያ ከፋለን በሕይወታቸው ሰምቷቸዋል። እሷ ዛሬ ነው።

«አንተ የመጨረሻው ሰው» አሉት አባ ወልደ ሰንበት ከቄሶቹ መካከል። «ጠላው ሳያልቅ የማይደርስ ሰው አየሁ።»

«አባ፣ ይባርኩኝ፣ ማሽኑ ነው።»

«ማሽን ያልነበረ ጊዜ በማን ታሳብብ ነበር?»

ዳሱ ሳቀ። ባምላክ ገመዱን ሰካ፣ ከፈተ። አያ ከፋለ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጡ። ከሥራቸው ነጭ ጽሑፍ፤ «እየሩስዬ፣ ደህና ነሽ ወይ።» እየሩስ አፋቸውን አየች፣ ጽሑፉን አየች፣ እጇ አፏ ላይ ሄደ። ስለ ቆዳ አወሩ፣ ስለ መጀመሪያው ወስፌዋ፣ ጣቷን ወግታ እንዴት ሳታለቅስ እንደቀረች። እየሩስ አውራ ጣቷን አየችው፤ ጠባሳው አለ። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል እንዲህ ሄደ። ባምላክ መተንፈስ ጀመረ።

ደወሉ ጋ ሲደርስ ምስሉ ቁርጥ አለና አያ ከፋለ ሌላ ፊት ይዘው ታዩ። ተናገሩ። ከሥራቸው ግን ምንም የለም። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጽሑፍ የለም። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ አንዷ ልቅሶ ጀመረች። እየሩስ ዞር ብላ ሰውን አየች፣ ተመልሳ ቴሌቪዥኑን አየች። ባዶ ነው።

ቀጥሎ አያ ከፋለ መሳቅ ጀመሩ። ያቺ የድሮ በቅሏቸው የአባ ወልደ ሰንበትን ጥምጣም እንዴት እንደበላች ነበር የሚናገሩት። ያለቀሰው ዳስ ዕንባውን ሳይጠርግ ሳቀ። አባ ወልደ ሰንበት ራሳቸው ጥምጣማቸውን ይዘው ሳቁ። ያኔ ነው ጽሑፉ የመጣው፤ ከሚስቁት ከአያ ከፋለ ሥር።

«የታመምሽ ለት በቅሎዋ ደጅ ላይ ነበረች።»

«ጤና ጣቢያ ላደርስሽ ሲገባኝ ለእንግዳ አከራየኋት።»

«እስክትመለስ ጠበቅኩ። መሸ።»

«በነጋታው ስጠራሽ አልዞርሽም።»

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

አባቷ እየሳቁ ነው። ሀገሩ እየሳቀ ነው። እየሩስ ተነሣች። አላለቀሰችም። ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ወደ ዳሱ ዳር ሄዳ ቆመች።

ባምላክ ፊልሙን አቆመ።

«ምን ሆነ?» አለ ሙሉሃብት ጆሮው ላይ ጠጋ ብሎ።

«ጽሑፉ ወደኋላ ቀረ።»

«እና ጎትተዋ።»

ሰዓቱን አየ። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ነው የዘገየ፤ ልክ የቆረጣትን ያህል። ሁሉንም መስመር መረጠ፣ የዛሬ ዐሥር ቀን እንዳደረገው፣ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ወደፊት ሳበ። ደግነቱ አሮጌውን ጽሑፍ በሌላ ስም አስቀርቶታል፤ ጽሑፍ ስለማይከብድ አሮጌ አያጠፋም። ከመጀመሪያው ጀመረ። አያ ከፋለ ገና ልጃቸውን ሰላም ሲሉ ከሥራቸው የቆዳ ነገር መጣ። «እየሩስዬ» የሚለው ከዜሮ በታች ወርዶ ጭራሽ ጠፋ። አጭር ብርድ ልብስ ሆነበት፤ እግሩን ሲያለብሰው ራሱ ተራቆተ።

«ልጄ» አሉ አባ ወልደ ሰንበት፣ «ቅድም ሟቹ ቀደሙ፣ አሁን ጽሑፉ ቀደመ። የትኛውን ነው የምንጠብቅ?»

ሳቅ ሆነ። ባምላክ ጆሮው ጋለ። ከዚህ ዳስ በሩጫ ወጥቶ ወልድያ ድረስ ቢሄድ በወደደ። እና እንዲህ ሰው የሚስቅበትን ቪዲዮ ቤት አስታወሰ፤ የጋሽ ወርቅአገኘሁን።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ባምላክ ልጅ ነው። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ከገበያው በላይ ባለች አንዲት የጭቃ ቤት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ጄኔሬተር ይዘው ፊልም ያሳያሉ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። ቤቱ የነዳጅና የላብ ሽታ አለው። ፊልሙ በፈረንጅ አፍ ነው፤ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ከቴሌቪዥኑ ጎን ዱላ ይዘው ቆመው በአማርኛ ይናገሩታል። ሴት ሲሆን ድምፃቸውን ያቀጥናሉ፣ ሌባ ሲሆን ያወፍራሉ። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ «መጣሁ» ብለው ነዳጅ ሊጨምሩ ይወጣሉ። ፊልሙ አይጠብቃቸውም። ሲመለሱ ትተውት ከሄዱበት ይቀጥላሉ፤ «አሁን ሰውዬው ሊያገባት ነው» ይላሉ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰውዬው ተቀብሯል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። «ጋሼ፣ ሞተ እኮ!» ይላል አንዱ። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ዱላቸውን መሬት መትተው፣ «ታዲያ እኔ ዝም ስል እሱም ዝም አይልም ወይ!» ይላሉ፤ ደግሞ ሳቅ። እነዚያ ቅዳሜዎች። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ከሞቱ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ቤቱ አሁን የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል። ያን ሳቅ ግን ባምላክ ዛሬም ቢሆን ዐይኑን ሲጨፍን ይሰማዋል።

እኔ ዝም ስል እሱም ዝም አይልም ወይ። አያ ከፋለ ዝም ያሉበትም ጊዜ የካሴቷ ክር ይዞር ነበር። ተናጋሪ ባይኖርም ጊዜው ይሄዳል።

ቃል የለበትም ብሎ ነው የቆረጠ። ቃል ባይኖርበትም ሰዓት ነበረበት። ከደወሉ በፊት ያለው ጽሑፍ ምንም አልሆነም፤ ከፊቱ የተወሰደ የለ። ከደወሉ በኋላ ያለውን ነው ምስሉ ተራምዶ ጥሎት የሄደ። ሁሉንም መሳብ አይደለም፤ ከደወሉ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው።

አሮጌውን ጽሑፍ ከፈተ። ወደታች ወረደ። ዘጠና ሦስተኛው መስመር ዘጠነኛው ደቂቃ ከዘጠኝ ሰከንድ ላይ ያበቃል። ዘጠና አራተኛው ዘጠነኛው ደቂቃ ከአርባ ዘጠኝ ላይ ይጀምራል። «የታመምሽ ለት በቅሎዋ ደጅ ላይ ነበረች።» ከዚያ እስከ መጨረሻዋ፣ እስከ ሁለት መቶ ዐሥራ አንደኛዋ፣ እነሱን ብቻ መረጠ። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ ቀነሰ። ዘጠና አራተኛው ዘጠነኛው ደቂቃ ከዐሥራ አንድ ላይ መጣ። አስቀመጠ። ድምፁን ዘግቶ ሦስት ቦታ አየ፤ መጀመሪያውን፣ ከደወሉ ቀጥሎ ያለውን፣ መጨረሻውን። አፍና ጽሑፍ ገጠሙ።

«አሁን?» አለ ሙሉሃብት።

«አሁን። እሷን ጥራት።»

«አትመጣም። ታውቃታለህ።»

ባምላክ ራሱ ሄደ። እየሩስ የዳሱን እንጨት ይዛ ወደ ተራራው እያየች ነው። ከኪሱ ደብተር አወጣ። ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጨነቀው። ጻፈ፤ «ስሕተቱ የኔ ነው። ሲስቅ የነበረ በበቅሎዋ ነው። ያንን ሲናገር አልሳቀም። ነይና ፊቱን እይ።»

አነበበችው። ዐይኑን አየችው። ከዚያ ቀድማው ሄደች።

ከዘጠነኛው ደቂቃ ጀመረው። አያ ከፋለ አንገታቸውን ደፍተው ተናገሩ፤ ቃላቸው ከሥራቸው ከአፋቸው እኩል መጣ። «እስክትመለስ ጠበቅኩ። መሸ።» ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ከሥሩ «ይቅር በይኝ ልጄ» የሚለው ነበረ። እየሩስ ያኔ አለቀሰች። ያላያት ሰው አልነበረም፤ የሳቀ ግን የለም። በቅሎዋ ጥምጣም ስትበላ ደግሞ ከሰው ሁሉ ጋር እኩል ሳቀች፣ ዕንባዋ ሳይደርቅ። አባ ወልደ ሰንበት «እሷም ሰማችብኝ፣ አለቀልኝ» ብለው ጥምጣማቸውን አወለቁላት።

እስከ መጨረሻው ታየ። ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ፣ መርቆ ተነሣ። ባምላክ ገመዱን ሲጠቀልል እየሩስ ትከሻውን ነካችው። ደብተሩን ጠየቀችው።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?» ብላ ጻፈች። በጣቷ ምስሉ ቁርጥ ያለበትን አሳየችው። «እጁ ጉልበቱ ላይ ነበረ። ወዲያው ፊቱ ላይ ሆነ። መካከሉ የታለ?»

ሙሉሃብትን አየ። ሙሉሃብት መሬት መሬት ያያል።

ባምላክ ጻፈ፤ «ምንም አልተናገረም። ደወል ሲሰማ ዝም አለ። ዝም ብሎ ተቀመጠ።»

አነበበችና እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች። ስትጽፍ ቀስ ብላ ነበር።

«ዝምታው ጽሑፍ አይፈልግም ነበር። እሱን ከሁላችሁ እኩል አውቀው ነበር። መልስልኝ።»

ሙሉሃብት ከትከሻዋ በላይ አነበበው። «እኔ ነኝ አውጣ ያልኩት» አለ፤ ከዚያ አትሰማኝም ብሎ በእጁ ወደ ደረቱ አመለከተ። እሷ እጁን መታ አደረገችው፤ እንደ አባቷ፣ ሁለቴ፣ ጠረቅ ጠረቅ።

ባምላክ ገበያው ሊበተን ሲል ሱቁ ገባ። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ኮምፒዩተሩን አገላበጠ። አሮጌው ቪዲዮ የለም፤ ጠዋት በእጁ አጥፍቶታል። ከካሴቷ የገለበጠውንማ ቦታ አጥቶ የዛሬ ዐሥር ቀን ነው ያጠፋው። አሮጌው ጽሑፍ ግን አለ። ዘጠና ሦስተኛው መስመር ከዘጠና አራተኛው፣ መካከሉ አርባ ሰከንድ ባዶ። ያ ዝምታ ከሁሉ ቦታ ጠፍቶ እዚያ ቁጥሮቹ መካከል ብቻ ተቀምጧል። ምስሉ ቢገኝ ይህ ጽሑፍ እንዳለ ይገጥመዋል፤ አንድም መስመር መንካት አያስፈልግ።

መሳቢያውን ሳበ። ትንሿን ካሴት አገኛት። በራሱ እጅ ጽሕፈት «አያ ከፋለ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ በሌላ ቀለም፣ «የእነ ሀሰን ሰርግ፣ ግማሽ» ይላል። ካሴት አልቆበት ከወልድያ እስኪመጣ የጠበቀበት ሰሞን ነው፤ ያንን ሰርግ በየትኛው ላይ እንደጨረሰው ትዝ ይለዋል። በአያ ከፋለ ላይ ደርቦ ይሁን ከሳቸው ቀጥሎ የቀረጸው ግን ትዝ አይለውም። ካሜራው ከተበላሸ ሦስት ሳምንቱ ነው። ካሴቷን የሚያነብ ሌላ ካሜራ ደሴ ካልሆነ የለም።

ካሴቷን ወደ መብራቱ አንሥቶ በመስኮቷ ክሩን አየ። ጥቁር ነው፤ ሰርግም ቢኖርበት፣ አያ ከፋለም ቢኖሩበት ያው ጥቁር። ሰኞ ደሴ ይሄዳል። እዚያ ከፍተውት እጃቸውን እያዩ የተቀመጡት አያ ከፋለ ይወጡ እንደሁ፣ ወይ እስክስታ የሚወርድ ሰርገኛ ይወጣ እንደሁ፣ አያውቅም።